ጥሬ፣ የተቆላ ወይስ የተቀቀለ ኦቾሎኒ? መጀመሪያ ግርዱን ወዴት እንደምታደርጉት ንገሩኝ



ጾም በገባ ቁጥር በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ኦቾሎኒ ጥሬውን ብበላው ይሻላል፣ ቆልቼ ወይስ ቀቅዬ?» ዛሬ መልሱን በዝርዝር እሰጣለሁ። ግን አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙዎች እንደሚያስቡት ትልቅ አይደለም። ትልቁ ልዩነት ያለው በጤነኛ ፍሬና በሻገተ ፍሬ መካከል ነው። ይህን ልዩነት ደግሞ እሳትም ሆነ የፈላ ውሃ አያጠፋውም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ገጠመኝ ነው። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ክብደት ለማስለካት ይዘው መጡ። ሕፃኑ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ምን እንደሚመገብ ስጠይቃቸው ገንፎው ውስጥ ኦቾሎኒ እንደሚጨምሩለት በኩራት ነገሩኝ። ጥሩ ነው አልኳቸውና አዘገጃጀቱን ጠየቅኳቸው።

«ደህና ደህናውን ቆልቼ ለቡና ቁርስ አስቀምጠዋለሁ» አሉኝ። «የተጨማደደውንና የጠቆረውን ግን አልጥልም ልጄ፣ ዋጋው እኮ አይቀመስም። እሱን ለሕፃኑ አስፈጨዋለሁ። ሲፈጭ ምኑም አይታወቅ።»

እማማ ግዴለሽ አይደሉም። ቆጣቢ ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውንም ይወዳሉ። ነገር ግን ሳያውቁት ከሦስት ኪሎው ውስጥ ለመርዝ የተጋለጠውን ክፍል ለይተው፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ትንሽ ጉበት ላለው ሰው ሰጡ። «ሲፈጭ አይታወቅም» ያሉት ነገር ነው ችግሩ። የማይታወቀው ለዓይን ነው እንጂ ለጉበት አይደለም።

የሦስቱ ንጽጽር

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ጥሬ ኦቾሎኒ 100 ግራም ሲሆን 567 ካሎሪ፣ 26 ግራም ያህል ፕሮቲንና 49 ግራም ያህል ቅባት አለው። በደረቁ ሲቆላ ውሃው ስለሚተን ካሎሪው በትንሹ ከፍ ብሎ ወደ 585 ይደርሳል። የተቀቀለው ደግሞ 318 ካሎሪ ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው «ለካ መቀቀል ቅባቱን ያወጣዋል!» ይላል። አያወጣውም። የተቀቀለው ፍሬ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ 100 ግራም የተቀቀለ ውስጥ ያለው የፍሬ ብዛት ያነሰ ነው። ስለዚህ በፍሬ ቆጥራችሁ ብትበሉ ልዩነቱ ጥቂት ነው። በእፍኝ ለሚበላ ሰው ግን የተቀቀለው ቶሎ ያጠግባል፣ ክብደት ለሚቀንስ ሰውም ይመቻል።

ቫይታሚንን ካነሳን፣ ፎሌትና ቫይታሚን ቢ1 ሙቀት አይወዱም። ከተቆላውም ከተቀቀለውም የተወሰነው ይጠፋል፤ ከተቀቀለው ደግሞ ጥቂቱ ከውሃው ጋር ይደፋል። በዚህ በኩል ጥሬው ያሸንፋል። ነገር ግን ጥሬው መሬት ውስጥ ያደገ፣ መሬት ላይ የተሰጣ፣ በብዙ እጅ የተነካ ምግብ ስለሆነ ሳልሞኔላን የመሰለ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። የፕሮቲንን መፈጨት የሚያዘገዩ ንጥረ ነገሮችም አሉበት፤ እነሱን ሙቀት ያዳክማቸዋል። ጥሬ በልተው ሆዳቸው የሚነፋባቸው ሰዎች ለዚህ እንግዳ አይደሉም።

የተቀቀለው አንድ ጉዳት አለው፦ ጨው። በጨው ውሃ የተቀቀለ 100 ግራም ኦቾሎኒ 750 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ሊይዝ ይችላል። የደም ግፊት ያለባችሁ ሰዎች ያለ ጨው ቀቅሉት። የኦቾሎኒ አለርጂን በተመለከተ መቁላት አለርጂ የሚቀሰቅሱትን ፕሮቲኖች ያጠነክራል፣ መቀቀል ደግሞ ያዳክማል። ይህ እውነት ነው፤ ግን አለርጂ ያለበት ሰው «የተቀቀለ ነው» ብሎ ቤቱ ውስጥ ይሞክር ማለት አይደለም። ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

እንግዲህ የኔ መልስ፦ ለመብላት የተቆላውን ወይም የተቀቀለውን ምረጡ፣ እንደ ጣዕማችሁ። ለመግዛት ግን ሁልጊዜ ጥሬውን፣ የተፈለፈለውን ግዙ። ምክንያቱም ፍሬውን በዓይናችሁ አይታችሁ መልቀም የምትችሉት ያኔ ብቻ ነው። ተቆልቶ ከጨውና ከቅመም ጋር ከተሸጠ ቀለሙ ተሸፍኗል። ከነቅርፊቱ ከተቀቀለ ውስጡን የምታዩት አፋችሁ ጋ ሲደርስ ነው። ተፈጭቶ ቅቤ ከሆነ ደግሞ ምንም አታዩም።

አፍንጫ የሚይዘውና የማይይዘው ብልሽት

ኦቾሎኒ በሁለት መንገድ ይበላሻል፤ ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

የመጀመሪያው የቅባቱ መበላሸት ነው። ግማሽ ያህሉ ዘይት የሆነ ፍሬ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይለወጣል። ያኔ የቆየ ዘይት ወይም የቀለም ቅብ የመሰለ ሽታ ያመጣል፣ ጣዕሙ ይጎመዝዛል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። የተቆላው ከጥሬው ቶሎ የሚጎመዝዘው መቁላት የፍሬውን ውስጣዊ ክፍሎች ሰባብሮ ዘይቱን ለአየር ስለሚያጋልጠው ነው። የተከካና የተፈጨ ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል። እንዲህ ዓይነቱን አትብሉ፣ ግን አትደንግጡም። አንድ ፍሬ ቀምሳችሁ ብትተፉ የሚደርስባችሁ ነገር የለም። አፍንጫችሁ ዘበኛ ነው፣ ሥራውን ይሠራል።

ሁለተኛው ሻጋታ ነው። እዚህ ላይ ዘበኛው ይተኛል። አስፐርጂለስ የሚባለው የሻጋታ ዘር አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመርታል። መርዙ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ቀለም የለውም። አረንጓዴ ወይም ቢጫማ ሻጋታ ካያችሁ ጥሩ ምልክት አገኛችሁ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሻጋታው ደርቆ ረግፎ መርዙ ብቻ ፍሬው ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ይህ መርዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ሲያልቁ ነው። ጉበታቸው ተጎድቶ ነበር። ምርመራው ሲጠና ምክንያቱ መኗቸው ውስጥ የገባ፣ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ አፍላቶክሲን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ከታወቁት ነገሮች ተርታ ነው። ዒላማው ጉበት ነው። በብዛት ከተበላ በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኬንያ ውስጥ በሻገተ በቆሎ ምክንያት 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በእኛ ቤት የሚያሳስበኝ ግን ይህ አይደለም፤ በየቀኑ በጥቂቱ ለዓመታት የሚገባው ነው። በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ ላለ ሰው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር የማምጣት ኃይሉ እስከ 30 እጥፍ እንደሚጨምር ተገምቷል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ከመቀንጨር ጋር አብሮ እንደሚታይ ጥናቶች ያሳያሉ፤ መንስኤው እሱ ብቻ መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም።

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» እንዳትሉኝ። ከባቢሌ፣ ከፈዲስ፣ ከጉርሱምና ከዳሮ ለቡ፣ ማለትም ኦቾሎኒያችን ከሚመጣበት ከሐረርጌ፣ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤታቸው በታተመ 120 ናሙናዎች ውስጥ በ93ቱ አፍላቶክሲን ተገኝቷል። ይህ የገበሬው ጥፋት ብቻ አይደለም። ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥ ሻጋታው ገና መሬት ውስጥ እያለ ፍሬውን ይይዘዋል። ከዚያ በቅጡ ሳይደርቅ ከተከመረ፣ በማዳበሪያ ታጭቆ እርጥብ ወለል ላይ ከተቀመጠ ይስፋፋል። ማላዊን በመሳሰሉ አገሮች እንደሚደረገው በእጅ ለመፈልፈል እንዲቀል ቅርፊቱ ላይ ውሃ ከተረጨ ደግሞ ይብስበታል።

«ብቆላው አይሞትም?»

ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ ግን ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ አይሞትም። አፍላቶክሲን ሙሉ በሙሉ እንዲፈርስ ከ250 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ኦቾሎኒ ጥሩ ሆኖ የሚቆላው ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ነው። መቁላት የመርዙን የተወሰነ ክፍል ይቀንሳል፣ የቀረው ይበላል። 250 ዲግሪ እስኪደርስ ብትቆሉት ከምጣዱ የምታወጡት ከሰል ነው። መቀቀል ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

ታዲያ ምን ያድነናል? አንድ ደስ የሚል እውነት አለ፦ መርዙ በፍሬዎቹ ላይ እኩል አልተከፋፈለም። አብዛኛው የሚገኘው በጥቂት ፍሬዎች ውስጥ ነው፤ እነሱም በብዛት የተጨማደዱት፣ ቀለማቸው የተለወጠው፣ ነቀዝ የነካቸውና የተሰበሩት ናቸው። እናቶቻችን በሰፌድ ላይ የሚለቅሙት ግርድ ማለት ነው። ስለዚህ ከማንኛውም አበሳሰል ይልቅ የሚጠቅመው መልቀም ነው። የእማማ እጅ ትክክለኛውን ሥራ ሠርቶ ነበር፤ የተሳሳተው ግርዱ የሄደበት ቦታ ብቻ ነው።

ከሦስት ኪሎ ጋር አንድ ቀን

ለእማማ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልድገመው።

ስትገዙ፦ የተፈለፈለ ጥሬ ግዙ። ከማዳበሪያው አፍ ላይ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉ እፍኝ አስወጡ፤ እርጥበት የሚደበቀው መሐል ነው። አሽትቱት፦ የምድር ቤት ወይም የረጠበ አፈር ሽታ ካለው ተዉት። አንድ ፍሬ በጣታችሁ ስበሩ። የደረቀ ፍሬ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ቀይ ሽፋኑም ሲታሽ ይላቀቃል። ከተለጠጠ ወይም ከታጠፈ እርጥብ ነው። የተፈለፈለ ኦቾሎኒ በሰላም እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከ7 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በቤት መለኪያ ስለሌለን ይህ ቀጭታ ይመራናል።

ስትለቅሙ፦ በቀን ብርሃን፣ በሰፌድ ወይም በነጭ ትሪ ላይ፣ ጥቂት በጥቂት አድርጉ። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ያለው፣ ቀዳዳ ያለው፣ የተሰበረና የበቀለ ሁሉ ይውጣ። «ትንሽ ብቻ ነው የነካው» ብላችሁ አትከራከሩ። ከሦስት ኪሎ ውስጥ 250 ግራም ወጣ እንበል፤ ይህ ከ12 አንድ እጅ ነው። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ያ 250 ግራም ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘቡን ቀድሞውኑ የበላው ሻጋታው ነው።

ግርዱ የት ይሂድ? ለልጅ አይሆንም። ለሻይ፣ ለቅቤና ለወጥ ማወፈሪያ ተብሎ አይፈጭም። ለዶሮም ለላምም አይሰጥም፤ ላም የበላችው አፍላቶክሲን ተለውጦ በወተቷ ይመለሳልና ልጁ ጋ በሌላ በር ይገባል። ቅበሩት ወይም ከቆሻሻ ጋር ጣሉት።

ስታስቀምጡ፦ የተለቀመውን ጥሬ እርጥበቱ ከተጠራጠራችሁ አንድ ቀን ጸሐይ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ሸራ ላይ አስጡት፤ ባዶ መሬት ላይ ግን አይሁን። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ከታችሁ፣ ከወለልና ከግድግዳ አርቃችሁ፣ ከምድጃ ራቅ ባለ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አኑሩት። እንዲህ ሆኖ አንድ ሁለት ወር ይቆያል፤ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ዓመት፣ ፍሪዘር ውስጥ ዓመት ያህል። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ሞቃት ኩሽና ላይ አትስቀሉት፤ ፍሬው ያልበዋል፣ ላቡ ደግሞ ሻጋታን ይጠራል። በደንብ የደረቀና ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ የበለጠ ይቆያል፤ ግን የምትለቅሙት ስትፈለፍሉ መሆኑን አትርሱ።

ከፍሪጅ ስታወጡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ዕቃው የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ሳትከፍቱ ጠብቁ። ቀዝቃዛ ፍሬ ሞቃት አየር ሲነካው ውሃ ያወጣል። ብዙ ሰው በጥንቃቄ ያኖረውን ኦቾሎኒ የሚያበላሸው በዚህች አምስት ደቂቃ ነው።

ስትቆሉ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቁሉ። የሳምንቱን፣ ለምሳሌ 300 ግራም፣ ብቻ ውሰዱ። በመካከለኛ እሳት ሳታቋርጡ እያመሳችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቁሉት። ቀዝቀዝ ሲል አሽታችሁ ሽፋኑን አበጥሩት። አሁን ሁለተኛ ዕድል አላችሁ፦ ሌላው ፍሬ ወርቃማ ሲሆን ጠቆር ብሎ ወይም ግራጫ ሆኖ የቀረ ፍሬ ካለ አውጡት፤ ቀዩ ሽፋን ደብቆት የነበረ ነው። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ክዳን አትግጠሙበት፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ያረጥበዋል። በሚገጥም ዕቃ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በሳምንት ከጨረሳችሁት ደግሞ መጎምዘዙን አታዩትም።

ስትቀቅሉ፦ ከለቀማችሁ በኋላ አሳድራችሁ ዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ እስኪለሰልስ ቀቅሉት። የተቀቀለ ኦቾሎኒ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ከሦስቱ ሁሉ ቶሎ ይበላሻል። እንደ ንፍሮ ቁጠሩት፦ የዕለቱን የዕለቱን። የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቆይ ፍሪጅ ይግባ፣ በሦስት አራት ቀን ውስጥም ይለቅ። ከተዝለገለገ ወይም ከኮመጠጠ መልሶ ማፍላት አያድነውም።

የሚነሱብኝ ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛው «አያቶቻችን ሲበሉት ኖረው ምን ሆኑ?» የሚል ነው። የጉበት ካንሰር ከዓመታት በኋላ ሲመጣ «ኦቾሎኒ ነኝ» ብሎ አይናገርም። «ወፍ በሽታ ነው»፣ «ሆዱ አብጦ ሞተ» ተብሎ ይቀበራል። አያቶቻችን ደግሞ ይለቅሙ ነበር፤ ግርዱን ፈጭቶ በማራኪ ዕቃ የሚሸጥላቸው ሰውም አልነበረም።

ሁለተኛው ከባድ ነው፦ «ዶክተር፣ እኔ ብለቅም ነጋዴው ግርዱን ፈጭቶ ቢሸጥልኝስ?» እውነት ነው፣ መልቀም የቤት እመቤት ዕዳ ብቻ መሆን የለበትም። የኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ የተፈጨ ኦቾሎኒና የኦቾሎኒ ቅቤ የሚያመርት ሁሉ የአፍላቶክሲን ምርመራ ውጤት ማሳየት አለበት፣ የሚቆጣጠረውም አካል ሊጠይቀው ይገባል። ያ እስኪሆን ድረስ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ዋጋው ከጥሬው ፍሬ የማይሻል ቅቤ ለልጅ አትግዙ። ጥሬው ከሚሸጥበት ዋጋ በታች ተፈጭቶ ከቀረበላችሁ ምን ተፈጭቶ እንደሆነ ጠይቁ።

በመጨረሻ የዚህን ምክር ወሰን ልናገር። መልቀም መርዙን በጣም ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አያደርገውም፤ ደህና በሚመስል ፍሬ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የልጁ ገንፎ በኦቾሎኒ ብቻ አይቁም፦ አንድ ቀን ሽምብራ፣ አንድ ቀን ባቄላ፣ አንድ ቀን እንቁላል ይፈራረቁበት። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ አታሳልፉት። ክትባቱ በመደበኛነት ከተጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 2007 በፊት የተወለዳችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ ተመርመሩ። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሙሉ ፍሬ አትስጡ፣ ይታነቃሉ፤ አልሞ የተፈጨ ብቻ።

እማማ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያማ ደህናውን ለሱ፣ ለቡናው ቆሎ ይበቃናል» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ የለኝም። ደህናው ለልጁ፣ ግርዱ ለጉድጓድ።

ለምትወዷቸው አጋሩ፤ በተለይ ቤት ውስጥ ሰፌድ የሚይዘው ሰው ጋ ይድረስ።